በግማሽ የተመጠጠች ከረሜላ

የቀኝ እጄ አንጓ ከተሰበረ ወዲህ የምጽፈው በዝግታ ነው። አንድ ገጽ ለመሙላት ከሰዓት በኋላው በሙሉ ያልቃል። ብዕሩን ጠበቅ አድርጌ ስይዘው ከአውራ ጣቴ ሥር የሚነሣው ሕመም እስከ ክርኔ ይወጣል። እንዲህ መሆኑን አልጠላሁትም። ቶሎ ቶሎ ብጽፍ የምዘለው ነገር ይኖር ነበር። ልዘለው የማይገባኝ ነገር ደግሞ አለ፤ ተራው ሲደርስ እጽፈዋለሁ።

እኔና ባለቤቴ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ መድኃኒት ቤት ነበረን። ባለሙያው እሱ ነበር። እኔ ማስተማሩን ከተውኩ በኋላ ከጎኑ ቆሜ መድኃኒት አቀብላለሁ፤ በማሸጊያው ላይ ስንት ጊዜና ስንት እንደሚወሰድ እጽፋለሁ። ብርድ በገባ ቁጥር እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡና የሳል ሽሮፕ ይጠይቃሉ። እሱ ጠርሙስ ከማንሣቱ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ "ዕድሜው ስንት ነው?" ሰዉ ይቀልድበት ነበር። ከሱ ሱቅ መድኃኒት ለመግዛት የልደት ካርድ ያስፈልጋል ይሉ ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል እንጂ ጥያቄውን አይተውም።

አንዳንዱ ማሸጊያ ከአራት ዓመት በታች አይሰጥም ይላል፤ አንዳንዱ ከስድስት። እሱ ትልቁን ቁጥር ይይዛል። ሽሮፑ የትንሽ ልጅ ጉንፋን አያሽርም፣ ሳሉንም ያን ያህል አይቀንሰውም፤ ልቡን ሊያስሮጠው፣ ከመጠን ያለፈ እንቅልፍ ሊጥልበት፣ ትንፋሹን ሊያቀዘቅዘው ግን ይችላል እያለ ለእያንዳንዷ እናት ያስረዳል። ኮዴይን የሚባለው አደንዛዥ ያለበትንማ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስም ጠርቶ የሚጠይቀውን በዓይኑ ነበር የሚያስወጣው። ለጉሮሮ የሚመጠጠውን ከረሜላም ለትንሽ ልጅ አይሸጥም። ትንሿን ጣቱን ያሳይና፣ "የልጅ የአየር ቧንቧ ከገዛ ራሱ ትንሽ ጣት አይሰፋም" ይል ነበር።

አሁን ስለ ጋሼ ልጻፍ።

ጋሼ የምላቸው የባለቤቴን ታላቅ ወንድም ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ያርሳሉ፤ የሚታወቁት ግን በንባቸው ነው። ከጓሯቸው እስከ ወንዙ ድረስ ቀፎ ሰቅለዋል፤ ሰርግም ሆነ ማኅበር ያለ እሳቸው ማር ጠጅ አይጣልም ይባላል። ቁጡ ናቸው። እጃቸው ከአፋቸው ይቀድማል። ባለቤቴ ልጅ ሳለ አባታቸው ስለሞቱ ያሳደጉትና ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ፤ ስለዚህ እሱ ለጋሼ ልጅም ወንድምም ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከሚስታቸው ጋር ሱቃችን መጡ። ሚስታቸው የስምንት ወር ወንድ ልጅ አዝላለች። ዘግይቶ የመጣ፣ የመጨረሻ ልጃቸው ነው። ሕፃኑ ያስላል። ባለቤቴ ከባንኮኒው ወጥቶ አቀፈው፤ ልብሱን ገልጦ ደረቱን እያየ በሰዓቱ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቆጠረ። ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ ይሰረጉድ እንደሆነ አየ። ጡት ይጠባ እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ ጉንፋን ብቻ ነው፣ በራሱ ጊዜ ይለቀዋል፣ መድኃኒት አያስፈልገውም አለ።

ጋሼ ከቡሬ ድረስ ተሳፍረው የመጡት ባዶ እጃቸውን ለመመለስ እንዳልሆነ ነገሩት። እሱ አሁንም አይሆንም አለ። ሱቁ ውስጥ አራት አምስት ሰው ተራ ይጠብቃል። ጋሼ ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል፣ "በል መድኃኒትህ ይቅርብኝ። እቤት ሄጄ ከማሬ አልሰዋለሁ" አሉ።

"ዓመት ሳይሞላው ማርም አይቀመስም፣ ጋሼ።"

ለምን እንደሆነ ሊያስረዳ ጀመረ። ማር ውስጥ የሚገኝ፣ ለእኛ ለትልልቆቹ ምንም የማያደርገን፣ በሕፃን አንጀት ግን አድጎ ሰውነቱን የሚያሰንፍ፣ ትንፋሽ እስኪያቅተው የሚያደርስ ተሕዋስ አለ አለ። ማንም አልሰማውም። ከተሰለፉት አንዱ፣ "ጎጃም ውስጥ ማር የተከለከለ የመጀመሪያው ሰው ይኸ ልጅ ነው" ሲል ሱቁ በሳቅ ተሞላ።

ያ ሳቅ ነው የገደለን። ጋሼ በባንኮኒው ላይ ተንጠራርተው የባለቤቴን ኮሌታ ጨበጡ፤ ወደ ራሳቸው ስበው አፉን በቡጢ መቱት። ሁለተኛው ምት ወደ መደርደሪያው ጣለው። መስተዋቱ ተሰብሮ ጠርሙሶች በላዩ ላይ ወረዱ። ሕፃኑ እየጮኸ ነው፤ ሚስታቸው የባሏን ክንድ ይዛ ትንጠለጠላለች። እኔ መጥረጊያውን አንሥቼ መሐላቸው ገባሁ። ባለቤቴ ሲነሣ የታችኛው ከንፈሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ደም በነጭ ጋዋኑ ላይ ይወርድ ነበር። ወንድሙን አላየም። ለእናትየዋ፣ ደሙን በእጁ ጀርባ እየጠረገ፣ ጡት ቶሎ ቶሎ እንድታጠባው፣ አፍንጫው ሲደፈን የተዘጋጀውን የጨው ውኃ ጠብታ እንድትጠቀም፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ከሰረጎደ፣ ጡት ከተወ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት እንድትሮጥ ነገራት። የጠብታውን ብልቃጥ በእጇ አስያዛት። ጋሼ ከእጇ ነጥቀው መሬት ላይ ወርውረው ረገጡት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ሚስታቸው ናት፣ በድብቅ፣ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ። ጋሼ በዚያው ቀን ሌላ ቦታ ከአንድ ነጋዴ የሳል ሽሮፕ ገዙ። ሌላ መስፈሪያ የለም ብለው በወጥ ማንኪያ ሰጡት። ልጁ ከረፋድ እስከ ምሽት ተኛ። ለጡት ቢቀሰቅሱት አልነቃ አለ፤ ትንፋሹ እየራቀ ሄደ። ቡሬ ሕክምና አድርሰው በሕይወት ተረፈ። ጋሼ ለማንም አልተናገሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛን ዓይናችንን ማየት ተዉ።

መሐላዬን አፍርሼ ለባለቤቴ ነገርኩት። "ጋሼ አፍረው ነው የቀሩት፤ ልሂድ እኔ" አለ። የነፍስ አባታችንም ሁለቱን ሊያስታርቁ ሁለት ጊዜ ሞክረው ነበር። ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት የለም ብለው ለጋሼ ላኩባቸው። ጋሼ አልመጡም። እኛ ልንሄድ ስናስብ በግጭቱ መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ሱቁ ሰው ይበዛበታል፤ ደግሞ ይዘጋል። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እንዲህ ሆነ።

ባለቤቴ የሞተው በጧት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ተኩስ ሲሰማ ሰንብቶ በሦስተኛው ቀን ጸጥ አለ። አንዲት እናት ትኩሳት ያለበት ልጅ ይዛ በሩን ቆረቆረች። እሱ የቆርቆሮውን በር ግማሹን ከፈተ፤ ልጁን መዘነው፤ ለክብደቱ የሚሆነውን የትኩሳት መድኃኒት በመስፈሪያው ለካ። እንደገና ተኩስ ተጀመረ። ጥይቱ ቆርቆሮውን በስቶ ከአንገቱ በታች ገባ። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። እናቲቱ ልጇ ላይ ተደፍታ ተረፈች። እኔ ሱቁ ውስጥ ያለውን ፋሻና ጥጥ ሁሉ ቁስሉ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ተጫንኩ፤ ደሙ በጣቶቼ መሐል እየወጣ እስከ ክርኔ ደረሰ። ሊናገር ሞከረ፤ አልቻለም። የለካት መድኃኒት በመስፈሪያዋ ውስጥ እንዳለች ባንኮኒው ላይ ቆማ ነበር።

አስከሬኑን ወደ ተወለደበት አጥቢያ ለመውሰድ አንድ የአይሱዙ ሾፌር በነፍሱ ቆርጦ ወጣ። መንገዱ ሲያልቅ ወንዶች በትከሻቸው ተሸከሙት። ከፊት ሆነው የተሸከሙት ጋሼ ናቸው። ለማንም አሳልፈው አልሰጡም። ቀድሞ እንዲህ ያለ ቀብር ላይ ጥይት ይተኮስ ነበር፤ ያን ቀን ማንም አልደፈረም። ጋሼ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ራሳቸውን በድንጋይ ሲፈጠፍጡ ግንባራቸው ተተርትሮ ሰው ይዞ ጎተታቸው። እኔን አላዩኝም። እኔም አላየኋቸውም።

ለቅሶው በጋሼ ግቢ ተቀመጠ። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላው። በአገራችን ሐዘን በዝምታ አይወጣም። አልቃሿ ግጥም ታወርዳለች፤ ሴቱ ይቀበላል፤ ደረት ይደቃል፤ ፊት ይነጫል። በሁለተኛው ቀን የኔ ደረት ጠቁሮ አብጦ ነበር። የብዙዎቹ ድምፅ ተዘግቶ አየር ብቻ ይወጣቸዋል።

ባለቤቴ አንድ ልማድ ነበረው። ለቅሶ ሲሄድ ኪሱን በጉሮሮ ከረሜላ ሞልቶ ነው የሚሄደው። ድምፃቸው ለተዘጋ አልቃሾች አንዳንድ እየሰጠ ይዞራል። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ለቅሶ ላይ የሚያውቀው ሁሉ ይጠብቀዋል፤ "የኛ መድኃኒተኛ መጣ፣ አሁን ድምፃችን ይከፈታል" ይሉታል። ከሱቅ ስንወጣ ምን እንደምይዝ ሳላውቅ ከመሳቢያው ያፈስኩት ያንኑ ከረሜላ ነበር። ሰልስቱ ዕለት አልቃሿ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ የባለቤቴን ስም አንሥተው ግጥሙ መሐል ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። የጥቁር ቀሚሴን ኪስ ዳሰስኩና ተነሥቼ እየዞርኩ ማደል ጀመርኩ። እሱ እንደሚያደርገው አንዳንድ። ሴቶቹ ይኸን ሲያዩ ልቅሷቸው ባሰ። "እሱ ቢሞት ከረሜላው አልቀረም" አለች አንዷ።

እሱ ግን ከረሜላውን ሰጥቶ አይሄድም ነበር። ሰጥቶ ይቆማል። ከአዋቂ አፍ ወደ ልጅ እጅ እንዳይሻገር ያያል፤ ልጅ የያዛትን መልሶ ይወስዳታል። እኔ መስጠቱን ያዝኩ፤ መቆሙን ረሳሁ።

ልዘለው የማይገባኝ ብዬ የነበረው እዚህ ላይ ነው። የጋሼ ሚስት ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ያ የስምንት ወር የነበረው ሕፃን ዛሬ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነው፤ ጉንጩ የሞላ፣ ከአቧራውና ከጢሱ የተነሣ ከትናንት ጀምሮ የሚያስል። ከረሜላዋን ለራሷ ሰጠኋት። አፏ ውስጥ አገላበጠቻት፤ ልጁ ሲያስል አየችው፤ ከአፏ አወጣቻት። በሙሉዋ አልሰጠችውም። መጥጣ ያሳነሰቻትን ነው የሰጠችው፤ ትንሽ ከሆነች አትጎዳውም ብላ። አየሁ። ያነሰችና የተለሰለሰች ከረሜላ ከሙሉዋ የባሰች እንደሆነች፣ ጉሮሮ ውስጥ እንደምትንሸራተት አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ትጮኽ ጀመር፤ እኔም አብሬያት ጮኽኩ። ከሐዘኔ ወጥቼ አንዲት ቃል ለመናገር ሰነፍኩ።

አልቃሿ ድምፃቸው ተከፍቶላቸው ግጥሙን ከተቆረጠበት ቀጠሉ። ሴቱ ሁሉ ደረቱን እየደቃ ብድግ አለ። የጋሼ ሚስትም ልጇን በአንድ ክንዷ እንደያዘች ተነሣች፤ በሌላው እጇ ደረቷን መታች። ልጁ በጩኸቱ ደንግጦ ሊያለቅስ አየር ወደ ውስጥ ሳበ።

ከጎኔ ያሉት የባለቤቴ አክስት ልጁን ዘወር ብለው አዩና፣ "ተመስገን፣ ሳሉ ቆመለት" አሉ።

ባለቤቴ እንዲህ ይል ነበር፦ የሚያስል ልጅ ይተነፍሳል፤ እንዲያስል ተዪው፤ ድንገት ዝም ያለውን ፍሪ። ዞርኩ። አፉ ተከፍቷል፤ ድምፅ የለም። ዓይኑ ፈጧል። ሁለት እጁን አየር ላይ ይቧጥጣል። የከንፈሩ ዳር ጠቁሯል።

አክስታችን አሁን ገባቸው መሰለኝ እንጥሉ ወርዶ ነው ብለው ጣታቸውን ወደ አፉ ሰደዱ። ጣት ከረሜላዋን ወደ ታች ነው የሚገፋት። እጃቸውን መትቼ አስወጣሁት። የሰማንያ ዓመት ሴት እጅ፣ በወንድማቸው ልጅ ለቅሶ ላይ፣ መታሁ። ከዚያ ልጁን ከእናቱ ክንድ ነጠቅሁ። እሷ ምን እንደሆነ ሳይገባት ፀጉሬን ያዘች፤ ነጠላዬ እጇ ላይ ቀረ። ጉዝጓዙ ላይ ተቀመጥኩ፤ ልጁን ጭኔ ላይ በሆዱ አስተኛሁት፤ ራሱን ከደረቱ ዝቅ አድርጌ በግራ እጄ አገጩን ያዝኩ። በቀኝ መዳፌ ተረከዝ፣ ከአንጓዬ ቀጥሎ ባለው ጠንካራ ሥጋ፣ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶቹ መሐል መታሁት። አንድ። በኃይል። ሁለት።

ግቢው ተናወጠ። አብዳለች የሚል ሰማሁ። ልጁን ልትገድለው ነው የሚል ሰማሁ። ሦስት። አራት።

አምስተኛውን ለመምታት እጄን ሳነሣ የጋሼ ዱላ አንጓዬ ላይ አረፈ። ከሕመሙ በፊት የሰማሁት ድምፁን ነው፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው። ልጁ ከጭኔ ተንከባለለ። ጋሼ ዱላውን ዳግመኛ አንሥተዋል። ግንባራቸው ላይ የቀብሩ ቁስል እንደ ትኩስ ነው። እሳቸው ያዩት ይኸን ብቻ ነው፦ ባሏን የመቱባት ሴት በተራዋ ልጃቸውን እየደበደበች ነው።

እጄን ላንቀሳቅስ ሞከርኩ። ጣቶቼ አልታዘዙኝም። ያኔ አንቱ ማለቱ ጠፋኝ።

"ጉሮሮው ላይ ከረሜላ አለ። የኔ እጅ ተሰብሯል። አንተ ምታው።"

ጋሼ አልተንቀሳቀሱም።

"ጀርባውን። በዚያው ወንድምህን በመታህበት እጅ። ምታው፣ እየሞተብህ ነው።"

ዱላው ወደቀ። ጋሼ ተንበረከኩ። ልጁን ጭናቸው ላይ እንዲያስተኙት፣ ራሱ ዝቅ እንዲል፣ በመዳፋቸው ተረከዝ በትከሻዎቹ መሐል ወደ ራሱ በኩል እንዲመቱ ነገርኳቸው። የመጀመሪያውን መምታት ፈሩ፤ ዳበሱት። ጠንከር አልኳቸው። መቱ። ድምፁ ከበሮ ይመስል ነበር። አምስት ጊዜ። አልወጣም። ልጁ እየደከመ ነው፤ እጁ አየር መቧጠጡን ተወ። አቁመው ከኋላው እንዲያቅፉት፣ አንዱን እጃቸውን ጨብጠው ከእምብርቱ በላይ፣ ከደረቱ አጥንት በታች እንዲያደርጉ፣ በሌላው እጃቸው ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ላይ እንዲስቡ በግራ እጄ በራሴ ሆድ ላይ አሳየኋቸው። ሳቡ። አንድ፣ ሁለት። ሚስታቸው መሬት ላይ ተንከባላ አፈር ትበትናለች። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አልወጣም።

"እንደገና ጀርባውን" አልኩ።

በዚህ ዙር ሁለተኛው ምት ላይ ከአፉ ወጣች። ጉዝጓዙ ላይ ወደቀች። ነጭ፣ ስስ፣ ከአተር ብዙም የማትበልጥ። ልጁ እንደ ሰጠመ ሰው ስቦ ተነፈሰ፤ አሳለ፤ ከዚያ ጮኸ። ለሦስት ቀን የሰማሁትን ጩኸት ሁሉ ያ አንድ ጩኸት ሸፈነው። አልቃሿ ግጥማቸውን አቋርጠው ተቀመጡ። ጋሼ ልጁን አንገታቸው ሥር ሸጉጠው እጃቸውን አዩት። ገልብጠው ደግመው አዩት።

ዳነ ብለው ሊያስተኙት ሲሉ አይሆንም አልኩ። ሆዱ በዚያ ኃይል የተጨመቀ ልጅ ውስጡ ተጎድቶ እንደሆነ በሐኪም መታየት አለበት። እኔም እጄ አብጦ ነጠላዬ አልሸፍነው ብሏል። በበቅሎና በእግር እስከ ትልቁ መንገድ፣ ከዚያ በባጃጅ ቡሬ ገባን። ሆዱን ዳበሱ፣ ደረቱን አዳመጡ፣ ትንፋሹን ቆጠሩ። ደኅና ነው፣ ሳሉም የጉንፋን ነው አሉ። የኔን እጅ በጄሶ አሰሩት። እንዴት እንደተሰበረ ሲጠይቁኝ ጋሼ ቀድመው፣ "እኔ ነኝ" አሉ።

ስንመለስ ባጃጁ ካወረደን በኋላ እኔና ሚስታቸው ከነልጁ በበቅሎዋ ላይ፣ ጋሼ ልጓሙን ይዘው ከፊት ይሄዱ ነበር። ዳገቱ ላይ ስንደርስ የሆነውን ነገርኳቸው። ከረሜላዋ ከአፏ ስትወጣ እንዳየሁ፣ ምን እንደምታደርግ እያወቅሁ ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው። ሚስታቸው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ጋሼ መራመዳቸውን አላቆሙም።

"እኔም ያቺን የሽሮፕ ጠርሙስ አልጣልኳትም" አሉ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። "ከቀፎ ማጠኛው ሥር ደብቄያታለሁ። ለወንድሜ ወስጄ ላሳየው፣ ይቅር በለኝ ልለው ነበር። በየሳምንቱ ነገ እላለሁ።"

ባለቤቴ ያውቅ እንደነበር፣ ሊመጣ እንደነበር ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ቆሙ። ፊታቸውን በበቅሎዋ አንገት ደበቁ፤ ትከሻቸው ተናወጠ። በሦስት ቀን ለቅሶ ድምፅ ሳያወጡ ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቤት ልንደርስ ስንል ልጁ እናቱ እቅፍ ውስጥ አሳለ። ደረቅ፣ ተራ ሳል። ሦስታችንም ደነገጥን። ጋሼ ዘወር ብለው ከሁለት ዓመት በፊት ሱቃችን ድረስ ያመጣቸውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

"እቴ፣ ሳሉስ? ምን ልስጠው?"

"ዕድሜው ስንት ነው?" አልኳቸው።

ያውቁታል እንደማውቅ። ግን መለሱልኝ። "ሁለት ዓመት ከመንፈቁ።"

"እንግዲያው ሽሮፕ አይነካም፤ ከረሜላም አይነካም። ማር ግን አሁን ይችላል።"

ልጓሙን ለሚስታቸው ሰጥተው ወደ ቀፎዎቹ ወረዱ። ማጠኛም አልያዙም። ሲመለሱ እጃቸውና አንገታቸው በንብ ተነድፎ አብጦ ነበር፤ በሳሕን የያዙት ማር ገና ሰፈፉ አልተለየም። ውኃ ለብ ተደረገ። ጋሼ ማሩን በነጠላ አጠለሉና ሰፈፉን ለይተው ጣሉ፤ ልጁን ቀጥ አድርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። የወጥ ማንኪያ ሊያነሡ ሲሉ እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ፤ መልሰው የሻይ ማንኪያ ፈልገው አመጡና ለእኔ አቀበሉኝ።

በግራ እጄ ተቀበልኩ። ግማሽ ማንኪያ ማር ለብ ባለው ውኃ ውስጥ አማስዬ ትንሽ በትንሽ አጠጣሁት። ጋሼ እያንዳንዷን ጉንጭ እስኪውጥ ድረስ ጉሮሮውን እያዩ ቆሙ።